ደብተሩ ሌላ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ሲል

ሊኒየር አልጀብራ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ተማሪው የተሰጠውን ማትሪክስ ይዞ አይገንቫልዩዎቹንና አይገንቬክተሮቹን በእጁ ሠርቶ ጨርሷል። ለማመሳከር ፓይተን ይከፍትና ነምፓይ በተባለው የስሌት ላይብረሪ ያሠራዋል። ደብተሩ ላይ (1, -2) የሚል ቬክተር ሰፍሯል፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን -0.4472136 እና 0.89442719 ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ትክክለኛ ሥራቸውን ሰርዘው እንደገና ይጀምራሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሮቹ ስለተመሳሰሉ ብቻ መልሱ ትክክል ነው ብሎ ደብተሩን መዝጋት። ሁለቱም የነምፓይን ውጤት እንደ መምህር እርማት በማንበብ የሚመጡ ስህተቶች ናቸው። ነምፓይ የተማሪውን መልስ አያውቅም፤ የሚያወጣው የራሱን ስሌት ነው። ያ ስሌት የራሱ መንገድ፣ የራሱ አጻጻፍና የራሱ የትክክለኛነት ወሰን ስላለው፣ ውጤቱን ከማመን ወይም ከመጠራጠር በፊት ማንበብ መቻል ያስፈልጋል።

በትንሽ ማትሪክስ እንጀምር። የመጀመሪያው ረድፉ 4 እና 1፣ ሁለተኛው ረድፉ 2 እና 3 ይሁን። በእጅ ሲሠራ፣ ከዋናው ሰያፍ ላይ λ ተቀንሶ ዲተርሚናንቱ ከዜሮ ጋር ይስተካከላል፦ (4 - λ)(3 - λ) - 2 = 0። ይህ ሲዘረዘር λ² - 7λ + 10 = 0 ይሆናል፤ ሥሮቹም 5 እና 2 ናቸው። እያንዳንዱን ሥር መልሰን ስናስገባ፣ ለ5 (1, 1) የሚለውን፣ ለ2 ደግሞ (1, -2) የሚለውን ቬክተር እናገኛለን። አሁን በነምፓይ እናሠራው፦

```python
import numpy as np
A = np.array([[4, 1],
              [2, 3]])
w, V = np.linalg.eig(A)
print(w)
print(V)
```

የሚወጣው ይህ ነው፦

```
[5. 2.]
[[ 0.70710678 -0.4472136 ]
 [ 0.70710678  0.89442719]]
```

አይገንቫልዩዎቹ ወዲያው ይታወቃሉ። ከ5 እና ከ2 ቀጥሎ ያለው ነጥብ፣ ቁጥሩ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተያዘው በአስርዮሽ መልክ መሆኑን የሚያመለክት ብቻ ነው። ግራ የሚያጋባው ከታች ያለው V ነው። ዓይናችን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ስለለመደ የመጀመሪያውን ረድፍ፣ ማለትም 0.7071 እና -0.4472ን፣ እንደ መጀመሪያው ቬክተር እንወስደዋለን። አይደለም። አይገንቬክተሮቹ የተቀመጡት በዓምድ ነው፤ የሚነበቡት ከላይ ወደ ታች ነው። ረድፉን ወስዶ የሞከረ ሰው ስህተቱን በቀላሉ ያየዋል፤ A በ(0.7071, -0.4472) ሲባዛ (2.3812, 0.0726) ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ የመጀመሪያው ቬክተር ብዜት አይደለም። የመጀመሪያውን ዓምድ ስንወስድ ግን ሁለቱም ቁጥሮች 0.7071 ናቸው፤ ይህም የደብተሩ (1, 1) ነው።

ቁጥሮቹ የተለያዩበት ምክንያት ቀላል ነው። አይገንቬክተር አቅጣጫ እንጂ የተወሰነ ርዝመት የለውም፤ (1, -2) ትክክል ከሆነ (3, -6) ወይም (-1, 2) እንዲሁ ትክክል ናቸው። በእጅ የምንሠራ ሰዎች ሙሉ ቁጥር የሚሰጠንን እንመርጣለን። ነምፓይ ደግሞ ሁልጊዜ ርዝመቱ 1 የሆነውን ይመርጣል። የ(1, -2) ርዝመት የ5 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 2.236 ገደማ ነው፤ በዚህ ሲካፈል 0.4472 እና -0.8944 ይሆናል። ምልክቱ መገልበጡ የስሌቱ መንገድ ያመጣው እንጂ ትርጉም ያለው ነገር አይደለም። ለማመሳከር ዓምዱን በመጀመሪያው ቁጥሩ ማካፈል ይበቃል፤ 0.89442719 ለ -0.4472136 ሲካፈል -2 ይሆናል፤ ደብተሩና ስክሪኑ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ዜሮ ከሆነ ዜሮ ባልሆነው ማካፈል ነው።

ቅደም ተከተሉም ዋስትና የለውም። እዚህ 5 ቀድሞ መጣ፤ በሌላ ማትሪክስ ትንሹ ሊቀድም ይችላል፤ eig አይገንቫልዩዎቹን በመጠን አይደረድርም። የሚጠበቀው ጥንዱ ብቻ ነው፤ w[0] ከዓምድ V[:, 0] ጋር፣ w[1] ከዓምድ V[:, 1] ጋር ይሄዳል። ቫልዩዎቹን ለብቻቸው ከትንሽ ወደ ትልቅ የደረደረ ሰው ጥንዱን አፍርሶታል።

ይህን ሁሉ ማስታወስ ሳያስፈልግ የእጅ ሥራን የሚፈትን አጭር መንገድ ግን አለ፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እሱን ነው። ጥያቄው ራሱ A በቬክተሩ ሲባዛ λ ጊዜ ቬክተሩን ይሰጣል ወይ የሚል ስለሆነ፣ ደብተሩ ላይ ያለውን ቬክተር በቀጥታ ማባዛት ነው፦

```python
print(A @ np.array([1, -2]))   # [ 2 -4]
```

ውጤቱ (2, -4)፣ ማለትም 2 ጊዜ (1, -2) ነው። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑም ምንም የማጠጋጋት ስህተት አልገባም። እዚህ ላይ @ የሚለው ምልክት ወሳኝ ነው። በእሱ ፋንታ * ከተጻፈ ነምፓይ እንደ ማትሪክስ አያባዛም፤ በየቦታው ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ያባዛል፤ ስህተት አለ ብሎም አይናገርም።

ሌላው ዝም ብሎ የሚያሳስት ነገር eigh የሚባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ለሲሜትሪክ ማትሪክሶች የተሠራ ነው፤ በእነሱ ላይ ከeig የተሻለ ነው፤ ቫልዩዎቹንም ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ይሰጣል። ነገር ግን ማትሪክሱ በእርግጥ ሲሜትሪክ መሆኑን አያጣራም። ካልተነገረው በቀር ከሰያፉ በታች ያለውን ብቻ ያነብና የላይኛውን እንደ መስታወት ምስሉ ይቆጥረዋል። የእኛን A ብንሰጠው ከታች ያለውን 2 አንብቦ ከላይ ባለው 1 ቦታ ይተካዋል፤ መልሱም 1.43844719 እና 5.56155281 ይሆናል። ደብተሩ 5 እና 2 ይላል፤ ደብተሩ ትክክል ነው። ነምፓይም ስሌቱን አላበላሸም፤ የተጠየቀው ስለ ሌላ ማትሪክስ ነው።

አሁን ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በሦስት ረድፍ ወደተደረደሩበት ማትሪክስ እንሂድ፦ 1, 2, 3፤ ከዚያ 4, 5, 6፤ ከዚያ 7, 8, 9። በእጅ ሲሠራ λ³ - 15λ² - 18λ = 0 ይወጣል። λ የጋራ አካፋይ ስለሆነ አንዱ ሥር በትክክል 0 ነው፤ የቀሩት 16.1168 እና -1.1168 ገደማ ናቸው። ነምፓይ ግን እንዲህ ያለ ነገር ያወጣል፦

```
[ 1.61168440e+01 -1.11684397e+00 -1.30367773e-15]
```

በችኮላ ያነበበ ሰው 1.61፣ -1.11 እና -1.30 ብሎ ይገለብጣል፤ ከዚያም «ዜሮው የት ሄደ?» ይላል። ከe በኋላ ያለው ቁጥር የ10 ኃይል ነው። e+01 ማለት በ10 ማባዛት ስለሆነ የመጀመሪያው 16.1168 ነው። e+00 እንዳለ ይተወዋል። e-15 ደግሞ የአስርዮሽ ነጥቡን 15 ቦታ ወደ ግራ ይገፋዋል። በዝርዝሩ ውስጥ አንድ እጅግ ትንሽ ቁጥር ሲኖር ነምፓይ ሁሉንም በዚህ አጻጻፍ ያወጣቸዋል። ስለዚህ ውጤቱ በድንገት በe ከተሞላ፣ ከቁጥሮቹ አንዱ ምናልባት የዜሮ ተወካይ ነው።

ለምን በትክክል 0 አልወጣም? ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቁጥር የሚይዘው በ64 ቢት ነው፤ ይህም ወደ 16 የሚጠጉ ትርጉም ያላቸው አኃዞችን ብቻ ያስቀምጣል። ፓይተን 0.1 + 0.2 ተብሎ ሲጠየቅ 0.30000000000000004 የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ከ1 ቀጥሎ ያለው ሊጻፍ የሚችል ቁጥር ከ1 የሚርቀው በ2.22e-16 ገደማ ነው። በ16 መጠን ላይ ያለ ቁጥር ሲሆን ያ ርቀት 3.6e-15 ይደርሳል። የማትሪክሳችን ትልቁ አይገንቫልዩ 16 ሆኖ ሳለ ሦስተኛው 1.3e-15 ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሊለየው ከሚችለው መጠን በታች ነው ማለት ነው፤ ዜሮ ነው። አኃዞቹም ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያሉ፤ ጓደኛዬ ዘንድ ሌላ e-16 ወጣ ተብሎ መጨነቅ አይገባም። ዳኝነቱ ግን ሁልጊዜ በንጽጽር መሆን አለበት። ቁጥሮቹ ሁሉ በ1e-12 መጠን በሆኑበት ማትሪክስ ውስጥ 1e-13 ፍጹም እውነተኛ ቁጥር ነው። np.set_printoptions(suppress=True) የሚለው ትእዛዝ እነዚህን ጥቃቅን ቁጥሮች እንደ ዜሮ ያሳያቸዋል። ለሪፖርት ያምራል፤ ለማመሳከር ግን መጀመሪያ ሳይሸፈን ማየት ይሻላል።

የእጁና የማሽኑ መንገድም አንድ አይደለም። እኛ ከዲተርሚናንት ወደ ፖሊኖሚያል፣ ከፖሊኖሚያል ወደ ሥር እንሄዳለን። ነምፓይ ስሌቱን የሚያስተላልፈው ላፓክ ወደሚባለው የቆየ የስሌት ላይብረሪ ነው፤ እሱም ማትሪክሱን ደረጃ በደረጃ እየለወጠ ወደ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያወርደዋል። ምክንያቱ እንግሊዛዊው የስሌት ሊቅ ጀምስ ዊልኪንሰን ባሳየው ምሳሌ በደንብ ይታያል። ሥሮቹ ከ1 እስከ 20 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች የሆኑ ፖሊኖሚያል ወሰደ። በውስጡ ያለውን -210 የሚል አንድ ኮፊሸንት ከአሥር ሚሊዮንኛ በጥቂቱ ብቻ በሚበልጥ መጠን፣ በ2⁻²³፣ ሲቀይረው ከሃያዎቹ ሥሮች አሥሩ ኮምፕሌክስ ሆኑ። በፖሊኖሚያል በኩል መሄድ ለእጅና ለትንሽ ማትሪክስ ጥሩ ነው፤ ለማሽን ግን አደገኛ ነው። እንዲያውም የፖሊኖሚያል ሥር የሚፈልገው np.roots ራሱ ፖሊኖሚያሉን ወደ ማትሪክስ ቀይሮ አይገንቫልዩውን ይፈልጋል።

ይህ ስስነት በእጅ ሥራም የሚገጥመን ሥር ሲደገም ነው። ረድፎቹ (3, 1) እና (-1, 1) የሆኑትን ማትሪክስ ብንወስድ (λ - 2)² = 0 ይወጣል፤ መልሱ 2 ነው፣ ሁለት ጊዜ። ስክሪኑ ላይ ግን 2.00000002 እና 1.99999998 የመሰለ ጥንድ፣ ወይም ከ2 ጋር 1e-08 አካባቢ የሆነ ቁጥርና j የተቀጠለበት መልስ ሊመጣ ይችላል። j ፓይተን የኢማጂነሪ ቁጥርን የሚጽፍበት ፊደል ነው። የሚሆነው ይህ ነው፤ በማጠጋጋት ምክንያት ከዜሮ ይልቅ 1e-16 የምታክል ስህተት በቀኝ በኩል ብትገባ (λ - 2)² = 1e-16 ይሆናል፤ ሥሩ ሲወሰድ λ ከ2 በ1e-8 ይርቃል። ስህተቷ በመቀነስ በኩል ከገባች ደግሞ ሥሩ ኢማጂነሪ ይሆናል። እንግዲህ ደብተሩ የተደገመ ሥር ካሳየና ስክሪኑ በስምንተኛው አኃዝ ላይ ከተለያየ፣ ደብተሩ ነው ትክክሉ። ረድፎቹ (0, -1) እና (1, 0) የሆኑት ማትሪክስ የሚሰጠው 0.+1.j እና 0.-1.j ግን እውነተኛ ኮምፕሌክስ መልስ ነው፤ ኢማጂነሪው ክፍል 1 ያህል ትልቅ ነው።

የተደገመ ሥር ሌላም ነገር ይደብቃል። ረድፎቹ (1, 1) እና (0, 1) ለሆኑት ማትሪክስ አይገንቫልዩው 1 ብቻ ነው፤ በእጅ ሲሠራም የሚገኘው አቅጣጫ አንድ ነው፤ (1, 0)። ነምፓይ ግን ሁለት ዓምድ ይሰጣል፦

```
[[ 1.00000000e+00 -1.00000000e+00]
 [ 0.00000000e+00  2.22044605e-16]]
```

ሁለተኛውን ዓምድ ስናነበው (-1, 0) ነው፤ የመጀመሪያው ቬክተር ተገልብጦ ማለት ነው። ሁለቱም በ«A በቬክተሩ» ፈተና ያልፋሉ፤ ስለዚህ ያ ፈተና እዚህ አይረዳም። np.linalg.matrix_rank(V) ተብሎ ሲጠየቅ 1 ይመልሳል፤ ሁለተኛ ቬክተር እንደሌለ የሚናገረው ይህ ነው።

ወደ ሊኒየር እኩልዮሾች ስንመጣ እንደ ከባድ ፈተና የሚያገለግለን ያው ከ1 እስከ 9 ያለው ማትሪክስ ነው። የቀኙን ጎን 6፣ 15 እና 24 ብናደርገው፣ x፣ y እና z ሁሉም 1 ሲሆኑ እኩልዮሾቹ ይሟላሉ። ግን መልሱ እሱ ብቻ አይደለም። በእጅ ስናስወግድ ሦስተኛው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ዜሮ ይሆናል፤ t ማንኛውም ቁጥር ቢሆን (1 + t, 1 - 2t, 1 + t) መልስ ነው። ነምፓይ እዚህ ላይ Singular matrix የሚል የስህተት መልእክት ያወጣል ብለን እንጠብቃለን። np.linalg.solve ይህን መልእክት የሚያወጣው ግን በማስወገዱ ሂደት አካፋይ የሚሆነው ቁጥር በትክክል ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ረድፎቹ (1, 2) እና (2, 4) ለሆኑ ማትሪክስ ስሌቱ ንጹሕ ስለሆነ መልእክቱ ይወጣል። ባለ ዘጠኝ ቁጥሩ ግን በ7 ማካፈል አለበት፤ 1/7 ደግሞ በኮምፒውተሩ ውስጥ በትክክል አይጻፍም። ስለዚህ በብዙ ኮምፒውተሮች የመጨረሻው አካፋይ ዜሮ በመሆን ፈንታ 1.11e-16 ያህል ሆኖ ይቀራል። np.linalg.det አንዳንዴ 6.66e-16 የሚለውም ለዚህ ነው፤ 7 በ0.857 በ1.11e-16 ሲባዛ የሚመጣው ያ ነው። solve በዚያች ጥቃቅን ቁጥር አካፍሎ፣ ካለቁት የማያውቁ መልሶች መካከል አንዱን እንደ ብቸኛ መልስ ያቀርበዋል። ደብተሩ «ቁጥር ስፍር የሌለው መልስ አለው» ካለና ስክሪኑ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ካሳየ ደብተሩን ማመን ነው። matrix_rank ተጠይቆ 2 ሲመልስ ይህን ያረጋግጣል።

በጣም የሚያሳስተው ግን የማትሪክሱ ዲተርሚናንት ዜሮ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሁለት እኩልዮሾች እንውሰድ፦ x + y = 2 እና x + 1.0001y = 2.0001። ትክክለኛው መልስ x = 1፣ y = 1 ነው። በእጅ የሚሠራው ተማሪ ሦስት የአስርዮሽ ቦታ ብቻ እይዛለሁ ብሎ 2.0001ን 2.000 ቢያደርገውስ? የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ሲቀንስ 0.0001y = 0 ይሆንበታል፤ y = 0፣ x = 2 ብሎ ይጨርሳል። መልሶ ሲያስገባ የመጀመሪያው በትክክል 2 ይሰጠዋል፤ ሁለተኛውም 2 ይሰጠዋል፤ ከሚፈለገው 2.0001 የሚለየው በአንድ አሥር ሺሕኛ ብቻ ነው። «ገጥሟል» ይላል። ነምፓይ ግን [1. 1.] ይላል።

እዚህ ላይ መልሶ የማስገባት ፈተና ራሱ አታለለ። ቀሪው፣ ማለትም በሚፈለገውና በተገኘው መካከል ያለው ልዩነት፣ 0.0001 ብቻ ነው፤ በመልሱ ላይ ያለው ስህተት ግን በእያንዳንዱ ቁጥር 1 ሙሉ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከሞላ ጎደል ትይዩ ስለሆኑ፣ በአንደኛው ላይ ያለች ጥቂት ፈቀቅታ የሚገናኙበትን ነጥብ በብዙ ታርቀዋለች። ይህን የሚለካው ኮንዲሽን ነምበር ነው፦

```python
M = np.array([[1, 1],
              [1, 1.0001]])
b = np.array([2, 2.0001])
x = np.linalg.solve(M, b)
print(b - M @ x)
print(np.linalg.cond(M))
```

የመጨረሻው መስመር 40,002 ገደማ ያወጣል። አነባበቡ ይህ ነው፤ በተሰጡት ቁጥሮች ላይ ያለ ስህተት በመልሱ ላይ እስከ 40,000 ጊዜ ሊባዛ ይችላል። በአኃዝ ሲታሰብ አራት ወይም አምስት አኃዝ ይጠፋል ማለት ነው። ነምፓይ በ16 አኃዝ ስለሚሠራ አሥራ አንድ ያህሉ ይተርፉለታል፤ በነባሪው አጻጻፍ ደግሞ እስከ ስምንት የአስርዮሽ ቦታ ብቻ ስለሚያሳይ [1. 1.] ብሎ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። በሦስት የአስርዮሽ ቦታ የሠራው ተማሪ ግን ከሚጠፋው ያነሰ ነው የያዘው፤ ከመልሱ የተረፈለት አኃዝ የለም። መፍትሔው 2.0001ን ሳያጠጋጉ መያዝ፣ ከተቻለም ሙሉውን ስሌት በክፍልፋይ መሥራት ነው።

የተሰጡት ቁጥሮች ራሳቸው ከልኬት የመጡ ከሆነ ደግሞ ነምፓይም አያድንም። 2.0001 በመለኪያ መሣሪያ ተነብቦ አራተኛው የአስርዮሽ ቦታ አጠራጣሪ ከሆነ (1, 1) እና (2, 0) እኩል አሳማኝ ናቸው፤ ስክሪኑ ስምንት አኃዝ ማሳየቱ ይህን አይለውጠውም። ያንኑ cond ከ1 እስከ 9 ላለው ማትሪክስ ብንጠይቀው ከ10¹⁶ የሚበልጥ ቁጥር ያወጣል፤ አሥራ ስድስቱም አኃዞች ይጠፋሉ ማለት ነው። ለዚህ ነው solve ለዚያ ማትሪክስ ያወጣው መልስ፣ b - M @ x ዜሮ አካባቢ ቢያሳይም፣ አንድም የሚታመን አኃዝ የሌለው።